የጣርማበር ጭጋግና ነጭ ቀሚስ፦ አንድ የሙሽራ ፎቶ ላይ ላይት ራፕ እንዴት ተሠራ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ላለ አንድ ፎቶ ቤት የመጣው ትእዛዝ 40 በ60 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የግድግዳ ፎቶ ነበር። ቤተሰቡ የፈለገው ሙሽራዋ ጣርማበር አፋፍ ላይ ቆማ፣ ፀሐይ ከቆላው በኩል ስትወጣ ነው። በሠርጉ ሳምንት ግን ከታች የሚወጣው ጭጋግ አፋፉን ዘግቶት ሰነበተ። ስለዚህ ሙሽራዋ ስቱዲዮ ውስጥ፣ ግራጫ መጋረጃ ፊት ለፊት ተነሳች። ባክግራውንዱ ደግሞ ጭጋጉ ሲሳሳ፣ በሌላ ማለዳ፣ ከደብረ ሲና በላይ ካለው አፋፍ ላይ ተነስቶ መጣ።

የባክግራውንዱ ፎቶ ላይ ፀሐይ በግራ በኩል ከአድማሱ ብዙም ሳትርቅ በቀሪው ጭጋግ ውስጥ ታበራለች። ከፍሬሙ ላይኛው ሁለት ሦስተኛ በጣም ብሩህ ነው፤ በ255 መለኪያ ከ240 እስከ 250 ይነበባል። ከታች ጥቁር አረንጓዴ ሣርና ድንጋይ አለ። በቀኝ በኩል አንድ የጥድ ግንድ ከካሜራው ብዙም ሳይርቅ ቆሟል። ይህ ጥድ ኋላ ላይ የሥራው ሁሉ መለኪያ ስለሚሆን ከወዲሁ ልብ ይባል። ሁለቱም ፎቶዎች 4000 በ6000 ፒክስል ናቸው። ሙሽራዋ ከጉልበት በላይ ትታያለች። ነጭ ባለ ጥበብ ቀሚስ ለብሳለች፤ ከፊት ሹሩባ ተሠርታ ከኋላ ጸጉሯ ተበትኗል፤ በፎቶው ግራ በኩል ባለው እጇ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ጎን ዘርግታ ይዛለች።

መጀመሪያ የታተመውን ናሙና የሙሽራዋ እናት አይተው አልወደዱትም።

«አንተ ልጅ፣ ልጄን ቆርጠህ ሰማይ ላይ የለጠፍካት እኮ ነው የምትመስለው» አሉ።

«እትዬ፣ ቆረጣው እኮ ንጹሕ ነው፤ ጠጋ ብለው ይዩት።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ብርሃን ለምን አያገኛትም?»

የጥፋቱን ቦታ በትክክል ያመለከተው ይህ ጥያቄ ነው። ከጀርባው ብርቱ ብርሃን ያለበት ሰው በእውነተኛ ፎቶ ላይ ጠርዙ እንደ ምላጭ የተሳለ አይሆንም። አንደኛ፣ ብርሃኑ በሌንሱ መስታወት ውስጥና በጭጋጉ ውስጥ ስለሚበተን ከሰማዩ ተርፎ በሰውየው ጠርዝ ላይ ይፈሳል። ሁለተኛ፣ የጥጥ ልብስ ቡፍታ፣ የጸጉር ዘለላና የቆዳ ጥግ ከኋላ የሚመጣውን ብርሃን ይይዛሉ። ግራጫ መጋረጃ ፊት የተነሳ ሰው ሁለቱም የሉትም። ላይት ራፕ ይህንን የጎደለ ነገር በእጅ የመመለሻ ዘዴ ነው፦ የአዲሱ ባክግራውንድ ብርሃን ደብዝዞ በሰውየው ጠርዝ ውስጥ ብቻ ይገባል፤ ወደ ውስጥ በሄደ ቁጥርም እየሳሳ ይጠፋል።

የመጀመሪያው ሙከራ

ኤዲተሩ ናሙናው ተመላሽ ከሆነ በኋላ በፎቶሾፕ የተለመደውን መንገድ ሄደ። ባክግራውንዱን በ`Ctrl+J` አባዝቶ ከሙሽራዋ ሌየር በላይ አወጣው፤ በ`Ctrl+Alt+G` ከእሷ ሌየር ጋር አጣበቀው፤ በ`Gaussian Blur` 80 ፒክስል አደበዘዘው፤ የማዋሃጃ ሁነታውን `Screen` አደረገው። ከዚያ የሙሽራዋን ማስክ `Ctrl` ይዞ በመጫን መረጠ፤ `Alt` ይዞ የማስክ ቁልፉን በመጫን ተገላቢጦሹን ማስክ ለአዲሱ ሌየር ሰጠ፤ ያንን ማስክ ደግሞ በ60 ፒክስል አደበዘዘው። ሌየሩ ከሙሽራዋ ጋር ስለተጣበቀ ብርሃኑ ከአካሏ ውጭ አይፈስም። የሚቀረው ይህ ነው፦

```
W = A × blur(1 − A)
```

`A` የሙሽራዋ ማስክ ነው፤ አካሏ ላይ 1፣ ውጭ ላይ 0። `W` በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ስንት እጅ ብርሃን እንደሚገባ ይናገራል። አሠራሩ ትክክል ነው። ሌየሩን ባክግራውንዱን ሳያደበዝዙ የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ ያኔ የተራራው መስመርና የዛፉ ቅርንጫፍ በሙሽራዋ ትከሻ ላይ እንደ ጥላ ይታያሉ። እሱ ያን አልሳተም። ሆኖም ውጤቱ ከመጀመሪያው ናሙና የባሰ ሆነ። ጸጉሯ ዙሪያውን ነጭ ቀለበት ያጠለቀ መሰለ። ቀሚሷ ላይ ምንም የተለወጠ ነገር አልታየም። የተዘረጋው ነጠላ ደግሞ በብሩህ ሰማይ ፊት እንደ እርጥብ ጨርቅ ግራጫ ሆኖ ቀረ። ሦስቱም ጥፋቶች ምክንያታቸው የተለያየ ነው።

ነጩ ቀሚስ ለምን ብርሃን አልተቀበለም

ይህ የጉዳዩ እምብርት ነው፤ ባህላዊ ልብስ ያለበት ፎቶ ሁሉ ላይም ይገጥማል። `Screen` የሚጨምረው ብርሃን ከታች ባለው ቀለም ላይ በቀረው ቦታ ልክ ነው። ታች ያለው ጨለማ ከሆነ ብዙ ይጨምራል፤ ከወዲሁ ነጭ ከሆነ የሚጨምርበት የለውም። ቀጥ ባለ ጠርዝ ላይ የደበዘዘው ማስክ ልክ ጠርዙ ላይ ግማሽ ስለሚሆን፣ ሌየሩ 100 በመቶ ቢሆንም ጠርዙ ላይ የሚገባው ብርሃን 50 በመቶ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ በሶፍትቦክስ የተነሳው ቀሚስ 235 ይነበብ ነበር። ከኋላው ያለው ሰማይ 250 ነው። ግማሹ ሲገባ ቀሚሱ ከ235 ወደ 245 ብቻ ወጣ፤ ዓይን ይህን አያየውም። 20 ይነበብ የነበረው ጸጉር ግን በዚያው ሌየር ወደ 135 ዘለለ። በአንድ ተንሸራታች ሁለቱን ማስታረቅ አይቻልም፤ ለቀሚሱ ሲጨመር ጸጉሩ ይቃጠላል፤ ለጸጉሩ ሲቀነስ ቀሚሱ ባዶ ይቀራል።

መፍትሔው ያለው ራፑ ውስጥ አይደለም፣ ከራፑ በፊት ነው። ፀሐይ ከጀርባዋ የሆነች ሴት ፊት ለፊታችን ያለው የቀሚሷ ገጽ ጥላ ውስጥ ነው። ነጭ ልብስ ቢሆንም ከሰማዩ ይጨልማል። ጣርማበር ላይ በማለዳ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ሆኖ ሲታይ ጋቢው ግራጫ ነው የሚመስለው፤ የሚያበራው ጠርዙ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሙሽራዋ ሌየር ጋር የተጣበቀ `Curves` ተጨመረና 235 የነበረው ወደ 170 ወረደ። አሁን ያው ግማሽ ብርሃን ሲገባ ጠርዙ ከ170 ወደ 212 ይወጣል፤ የ42 ልዩነት ነው፤ በግልጽ ይታያል።

ከ170 በታች መውረድ ግን ዋጋ ያስከፍላል። የጥበቡ ጥልፍና የሽመናው መስመር እርስ በርስ ይቀራረቡና ልብሱ ድፍን ይሆናል። ፊቷም አብሮ ስለሚጨልም በ`Curves` ማስክ ላይ ፊቷና አንገቷ ላይ በለስላሳ ብሩሽ ግማሽ ያህል ተመለሰ። ማንም ቤተሰብ የጠቆረ የሙሽራ ፊት ግድግዳ ላይ አይሰቅልም። በእውነቱም ፎቶግራፈር በቦታው ቢኖር ሪፍሌክተር ያቀርብ ነበር፤ ስለዚህ የፊቷ ብርሃን ለዓይን ምክንያት አለው። የስቱዲዮው ብርሃን ከቀኝ መምጣቱም በዚሁ ታለፈ፤ ፀሐይ ከግራ ኋላ፣ ሪፍሌክተር ከቀኝ ፊት እንደማለት ነው። ባክግራውንዱን አገላብጦ ፀሐይን ወደ ቀኝ ማምጣት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን የአገሩ ሰው የአፋፉን ቅርጽ ያውቀዋል፤ ሲገለበጥ ወዲያው ይነቃበታል። ሙሽራዋን መገልበጥ ደግሞ ነጠላዋን ከትከሻ ወደ ትከሻ ያዛውራል።

መለኪያው ጥዱ ነው

ስንት ፒክስል ይደብዝዝ ለሚለው ጥያቄ ከሌላ ሰው ሥራ የተቀዳ ቁጥር አይጠቅምም። 1080 ፒክስል ስፋት ባለው ፎቶ ላይ 10 የሆነው 4000 ላይ 37 ገደማ ነው፤ ሌንሱም የአየሩም ሁኔታ ይለያያል። መልሱ ያለው ባክግራውንዱ ፎቶ ውስጥ ነው፦ በብሩህ ሰማይ ፊት የቆመ፣ ከሙሽራዋ ጋር ተቀራራቢ ርቀት ላይ ያለ ጨለማ ነገር መፈለግ። እዚህ ፎቶ ላይ ያ ነገር ጥዱ ነው። ርቆ ያለ ዛፍ አይሆንም፤ መሃሉ ጭጋግ ስለሚበዛ ከሚገባው በላይ ደብዝዞ ይገኛል።

ጥዱ በ200 በመቶ ተጠግቶ ሲታይና የ`Info` ሰሌዳው ሲነበብ ሁለት ነገር ታወቀ። ግንዱ 400 ፒክስል ያህል ይሰፋል፤ የሰማዩ ብርሃን ከጠርዙ ወደ ውስጥ 25 ፒክስል ያህል በብርቱ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ በጣም ስስ ሆኖ እስከ 150 ፒክስል ድረስ ይዘልቃል። እንግዲህ የተፈጥሮው ራፕ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፦ ጠባብና ብርቱ፣ ሰፊና ደካማ። የመጀመሪያው ሙከራ 60 ፒክስል ላይ አንዱን ብቻ ማድረጉ ቀለበት የመሰለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ለጠባቡ በጣም ሰፊ፣ ለሰፊው በጣም ብርቱ ነበር።

ሌላው የታወቀው ነገር፣ የግንዱ ጨለማ መሃል 40 መነበቡ ነው። የሙሽራዋ ጸጉር ግን 20 ነበር። ጭጋግ ባለበት ማለዳ እንዲህ ያለ ድቅድቅ ጥቁር የለም። በዚያው `Curves` ላይ የጥቁሩ ጫፍ ከ0 ወደ 22 ተነሳ፤ ጸጉሩ ወደ 40 ገደማ መጣ። ይህ ብቻውን፣ ራፕ ሳይጨመር፣ ሙሽራዋን ወደ ቦታው ግማሽ መንገድ አደረሳት።

ሁለቱ ራፖች

ፋይሉ መጀመሪያ ወደ `16 Bits/Channel` ተቀየረ። ሰፊ ብለር በ8 ቢት ሲሠራ ጭጋጉ ላይ የደረጃ መስመር ያወጣል፤ ስክሪን ላይ ባይታይም ወረቀት ላይ ይወጣል።

ከዚያ ጠርዙ ተጸዳ። ብዙ ሰው ላይት ራፕን ለተበላሸ ቆረጣ መሸፈኛ ያደርገዋል፤ አይሸፍነውም። ከስቱዲዮው መጋረጃ የተረፈው ግራጫ ክር ጠርዙ ላይ ከቀረ፣ በሰማዩና በራፑ ብርሃን መሃል ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል፤ ራፑ ሲበረታ መስመሩ ይብሳል። በ`Select and Mask` ውስጥ `Shift Edge` ወደ −15 ወረደ፣ `Decontaminate Colors` በርቶ ውጤቱ `New Layer with Layer Mask` ሆኖ ወጣ። ዋናው ሌየር ሳይነካ ከታች ተደብቆ ቀረ።

ጠባቡ ራፕ ማስኩ በ12 ፒክስል ደበዘዘ፣ ግልጽነቱ 70 በመቶ ሆነ። ብለሩ ከቁጥሩ እጥፍ ያህል ስለሚዘረጋ 12 የሚባለው ወደ ውስጥ 25 ፒክስል ገደማ ይደርሳል፤ ከጥዱ ጋር የሚገጥመውም ለዚህ ነው። ሰፊው ራፕ ማስኩ በ70 ፒክስል ደበዘዘ፣ ግልጽነቱ 25 በመቶ ሆነ። የሁለቱም ሌየር ምስል በ80 ፒክስል የደበዘዘው ባክግራውንድ ነው፤ ስለዚህ በፀሐይዋ በኩል ያለው ግራ ትከሻ ቢጫ ቅላጼ ያለው ብርሃን ወሰደ፣ ቀኙ ነጣ ያለ ጭጋግ ብቻ ወሰደ፤ ማንም በእጅ ቀለም አልጨመረበትም።

ቀሚሱ ከታች ከሣሩ ጋር በሚዋሰንበት ቦታ ምንም አልተፈጠረም፤ መፈጠርም የለበትም። `Screen` ከጨለማ ባክግራውንድ የሚጨምረው እዚህ ግባ የማይባል ነው። ሁነታው `Normal` ሆኖ ቢቀር ግን የሣሩ ጥቁር አረንጓዴ በቀሚሱ ጠርዝ ላይ እንደ ጭቃ ይለጠፍ ነበር። እንዲህ ያለ ጥፋት ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያረጋግጠው ሁነታውን ነው።

ጸጉር

ከላይ ያለውን ቀመር ያስተዋለ ሰው ጸጉር ለምን እንደሚቃጠል ያገኘዋል። ቀጥ ያለ ትከሻ ላይ ከጠርዙ በአንድ በኩል አካል፣ በሌላ በኩል ሰማይ ስላለ የደበዘዘው ማስክ ግማሽ ነው። ከተበተነው ጸጉር ወጣ ያለ አንድ ዘለላ ግን በሁለቱም በኩል ሰማይ ነው ያለው፤ እዚያ ማስኩ ወደ 1 ይጠጋል፤ ብርሃኑ ሙሉ ይገባል፤ ዘለላው ሰማይ ሆኖ ይጠፋል። ነጠላውን የያዙት ጣቶችም ያው ችግር አለባቸው፤ ልክ ሻማ የመሰሉ ጣቶች ፎቶ ላይ ሲታዩ ምንጩ ይህ ነው።

ስለዚህ በጠባቡ ራፕ ማስክ ላይ በለስላሳ ጥቁር ብሩሽ፣ `Flow` 12 በመቶ ሆኖ፣ የጸጉሩ ውጫዊ ክፍል ሦስት አራት ጊዜ ታለፈ፤ ጣቶቹም ሁለት ጊዜ። ሰፊው ራፕ ከጸጉሩ ላይ አልተነካም፤ 25 በመቶው ጸጉሩን ቡናማ ቅላጼ ሰጥቶት ተወው። መታየት ያለበት ምልክት ይህ ነው፦ የጸጉሩ ዳር ከመሃሉ ፈዘዝ ይላል፣ ሆኖም ከሰማዩ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ከሰማዩ ጋር እኩል የሆነ ወይም የበለጠ ብሩህ ዘለላ ካለ ብሩሹ ይደገማል።

ነጠላው

እዚህ ላይት ራፕ አቅሙ ያበቃል። ራፕ ብርሃን በጠርዝ ዙሪያ ሲጠመዘዝ ለማሳየት ነው፤ ነጠላ ግን ብርሃን በውስጡ ያሳልፋል። ስስ ሽመና ስለሆነ ፀሐይ ከኋላው ስትሆን ጠርዙ ብቻ ሳይሆን ሙሉው ያበራል። ስቱዲዮ ውስጥ በሽመናው ቀዳዳ የታየው መጋረጃው ስለነበር ያ ግራጫ ከጨርቁ ጋር አብሮ መጣ። ቆረጣው ደግሞ ነጠላውን እንደ ድፍን ነገር ቆጥሮ ማስኩን ሙሉ ነጭ አደረገው። ራፑ በሁለት ጠርዞቹ ላይ ቀጭን ብርሃን ሲጨምርለት መሃሉ ይበልጥ ግራጫ መሰለ።

መጀመሪያ በሙሽራዋ ማስክ ላይ የተዘረጋው አንድ ድርብ ብቻ ያለበት ቦታ ተለይቶ በግራጫ ብሩሽ ወደ 65 በመቶ ወረደ፤ የሰማዩ ብርሃን በሽመናው አለፈ። ጨርቁ የታጠፈበት ቦታ ሁለት ድርብ ስለሆነ ወደ 85 በመቶ ብቻ ተደረገ። ጫፉ ላይ ያለው ጥበብ ደግሞ ሽመናው ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ሙሉ ተተወ። በእውነትም ነጠላን ወደ መስኮት ዘርግቶ የሚያይ ሰው ይህንኑ ያገኛል፦ ሜዳው ያበራል፣ እጥፋቱ ይጨልማል፣ ጥበቡ ከሁሉ ይጨልማል፤ ቀለሙም ከኋላ ብርሃን ሲሆን ይደበዝዛል። ይህ ቅደም ተከተል ከተዛባ ነጠላው ላስቲክ ይመስላል።

ማስኩ ግራጫ ሲሆን ግን ራፖቹም መለወጥ አለባቸው። የራፖቹ ማስክ የተወሰደው ከቀድሞው ድፍን ማስክ ስለሆነ አዲሱን አያውቁም፤ ስለዚህ የነጠላው ሥራ ካለቀ በኋላ ሁለቱም ማስኮች ተሰርዘው ከአዲሱ ማስክ እንደገና ተሠሩ፤ የጸጉሩ ብሩሽም ተደገመ። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ነጠላውን ከራፑ በፊት መጨረስ ነበር። የአንድ ሰዓት ሥራ የባከነው እዚህ ነው። ማስኩ አዲስ ሲሆን አንድ ጥቅም ተገኘ፤ ነጠላው ላይ `1 − A` ዜሮ ስላልሆነ ሰፊው ራፕ መሃሉንም ስስ አድርጎ አበራው።

ማረጋገጫና ኅትመት

ሥራው ሦስት ጊዜ ታየ። መጀመሪያ ከሁሉም በላይ `Saturation` −100 የሆነ ጊዜያዊ `Hue/Saturation` ሌየር ተጨምሮ ፎቶው በጥቁርና ነጭ ታየ፤ ቀለም ዓይንን ሳይሸነግል ሙሽራዋና ጥዱ ጎን ለጎን ተነጻጸሩ። የጸጉሯ መሃል 41፣ የግንዱ መሃል 40። ቀጥሎ ፎቶው ወደ 10 በመቶ አንሶ፣ ሁለቱ ራፖች አንድ ላይ እየጠፉና እየበሩ ታዩ። ሲበሩ በአካሏ ዙሪያ መስመር ከታየ በዝቷል ማለት ነው፤ እዚህ መስመር አልታየም፣ ሲጠፉ ግን ሙሽራዋ ወዲያው ከሰማዩ ተነቅላ ወደ ፊት መጣች።

ሦስተኛው ወረቀት ነው። ስክሪን ላይ በ235 እና በ250 መካከል ያለው ልዩነት ይታያል፤ የፎቶ ቤቱ አታሚ ግን ሁለቱንም ወደ ወረቀቱ ነጭ ያስጠጋቸዋል። ሙሉው ፎቶ ከመታተሙ በፊት ከግራ ትከሻው እስከ ነጠላው ጫፍ ድረስ ያለው 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ በትክክለኛው መጠን ታተመ። የትከሻው ጠርዝ በፀሐይዋ በኩል ከሰማዩ ጋር ተዋሕዶ መስመሩ ጠፍቶ ተገኘ። የጠባቡ ራፕ ግልጽነት ከ70 ወደ 55 ወረደ፤ ሁለተኛው ቁራጭ ላይ የትከሻው ቅርጽ ተመለሰ፣ ብርሃኑም አለ። በዚያው ቁጥር 40 በ60ው ታተመ። እናትየው ፎቶውን ወደ በሩ ብርሃን ይዘው ወጥተው አዩት፤ ያዩት መጀመሪያ ነጠላውን ነው።